የባሕር ጨው ሶዲየሙ ያንሳል?

የደም ግፊት ያለበት ሰው ጨው እንዲቀንስ ሲነገረው ወደ ባሕር ጨው መዞሩ የተለመደ ነው። የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ ባደረገው የሕዝብ አስተያየት መጠይቅ፣ ከ1,000 አዋቂዎች 61 በመቶዎቹ የባሕር ጨው ሶዲየሙ አነስተኛ እንደሆነ ያምኑ ነበር።

አይደለም። ሁለቱም በአብዛኛው ሶዲየም ክሎራይድ ናቸው፤ ከክብደታቸው 40 በመቶ ያህሉ ሶዲየም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው እንዲመገብ ይመክራል። ይህ 5 ግራም ከየትኛውም ጨው ቢመጣ የሚይዘው ሶዲየም 2 ግራም ገደማ ነው። የባሕር ውሃ በፀሐይ ሲተን ከጨው ጋር የሚቀሩት ማግኒዥየምና ካልሲየም ጣዕሙንና እርጥበቱን ትንሽ ይለውጣሉ እንጂ ሰውነት የሚጠቀምበት መጠን የላቸውም።

ታዲያ አንዳንዱ እሽግ ላይ ቁጥሩ ለምን ያንሳል? ምስጢሩ ማንኪያው ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ደቃቅ ጨው 6 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ሶዲየሙም 2,300 ሚሊግራም ያህል ይሆናል። ቅንጣቱ ሰፋ ያለና ስስ የሆነ የባሕር ጨው ግን በመካከሉ አየር ስለሚይዝ፣ ያው ማንኪያ ግማሹን ያህል ብቻ ሊመዝን ይችላል። ወጥ ውስጥ ሲገባ ልዩነቱ ይጠፋል፤ ጨው አነሰው ተብሎ ሌላ ማንኪያ ይጨመራልና። ስለዚህ ሁለት እሽጎችን የሚያነጻጽር ሰው በማንኪያ የተሰጠውን ትቶ በ100 ግራም ያለውን ሶዲየም ይመልከት፤ ሁለቱም 39 ግራም አካባቢ ናቸው።

እውነተኛው ልዩነት አዮዲን ላይ ነው፤ እሱም ቢሆን ከባሕር የሚመጣ አይደለም። ተፈጥሯዊ የባሕር ጨው ያለው አዮዲን እጅግ ጥቂት ስለሆነ ፋብሪካ ሊጨምርበት ይገባል። ኢትዮጵያ ይህን በተግባር አይታዋለች። እ.ኤ.አ. እስከ 1998 ጦርነት ድረስ ከኤርትራ ጠረፍ ይገባ የነበረው የባሕር ጨው አዮዲን ይጨመርበት ነበር። ያ መንገድ ሲዘጋ ገበያውን የያዘው የአፋሩ አፍዴራ ሐይቅ ጨው ነው። አፍዴራም እንደ ባሕር ጨው ጨዋማ ውሃ በገንዳ ተኝቶ በፀሐይ የሚመረት ቢሆንም፣ ለዓመታት አብዛኛው አዮዲን ሳይጨመርበት ተሸጠ፤ እንቅርትን ለመከላከል ማዕድኑ የግድ እንዲጨመር የሚያዝ ደንብ የወጣው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው። ውድ የባሕር ጨው የሚገዛ ቤተሰብም «አዮዲን ያለው» የሚል ጽሑፍ ካላገኘ፣ በተለይ ነፍሰ ጡር ካለች፣ ከሌላ ምግብ መተካት ይኖርበታል።

ሶዲየሙ በእርግጥ የቀነሰ ጨው የሚፈልግ ሰው፣ ከፊሉ በፖታሲየም ክሎራይድ የተተካ ጨው አለለት። ኩላሊቱ የታመመ ወይም ፖታሲየምን በሰውነት የሚያስቀር የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን ፖታሲየሙ በደሙ ተከማችቶ የልብ ምቱን ሊያዛባበት ስለሚችል፣ ሐኪሙን ሳያማክር መጀመር የለበትም።