ዕድርን የሚያውቅ ተማሪ ስለ ዕድር የተጻፈው ለምን ይከብደዋል?

እ.ኤ.አ. በ2006 «ወርልድ ዴቨሎፕመንት» በተባለው ጆርናል ላይ ስቴፈን ዴርኮን፣ አሉላ ፓንክረስትና ሁለት ባልደረቦቻቸው በኢትዮጵያና በታንዛኒያ ሰዎች ለቀብር ወጪ ስለሚያቋቁሟቸው የመድን ማኅበራት ጽፈዋል። በእኛ አፍ ነገሩ ዕድር ነው። ጽሑፉን ለተማሪዎቼ ሰጥቼ በሳምንቱ ስንገናኝ የሁሉም ገጽ ዳር በቃላት ትርጉም ተሞልቷል። አንዷ ልጅ «ኢንሹራንስ፦ መድን» ብላ በአንድ ገጽ ላይ ሦስት ጊዜ ጽፋለች። ከመካከላቸው ዕድር የሌለበት ቤት ያደገ አልነበረም፤ የራሱን ሰፈር ዕድር ያነሳ ግን አንድም አልነበረም።

እንዲህ ያለውን ነገር ጆን ብራንስፎርድና ማርሻ ጆንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1972 በሙከራ አሳይተዋል። ለሰዎች ያነበቡላቸው አንቀጽ ቃላቱ ሁሉ ቀላል ናቸው። ነገሮችን በየዓይነቱ ስለ መለየት፣ በአንዴ ብዙ ስላለማድረግ፣ መሣሪያ ከሌለ ሌላ ቦታ ስለ መሄድ ያወራል፤ ግን ምን እንደሆነ አይያዝም። የሚያወራው ስለ ልብስ አጠባ ነው። ይህን አስቀድሞ የተነገራቸው ሰዎች ከ18ቱ ሐሳቦች በአማካይ ወደ 6 የሚጠጉትን አስታወሱ፤ ያልተነገራቸው 3 እንኳ አልሞሉም። እኔን የሚያስገርመኝ ሦስተኛው ቡድን ነው፤ አንቀጹን ሰምተው ከጨረሱ በኋላ «ስለ ልብስ አጠባ ነበር» የተባሉት ምንም ካልተነገራቸው አልተሻሉም። ልብስ ማጠብን ሁሉም ያውቃል፤ ዕውቀቱ ጊዜው ካለፈ በኋላ ቢቀሰቀስ ግን አልጠቀማቸውም።

ስለዚህ በሚቀጥለው ዓመት ጽሑፉን ከማደሌ በፊት አንድ ጥያቄ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ፦ «አባቱ በጠና የታመመበት ሰው ነገ ልመዝገብ ብሎ ቢመጣ የሰፈራችሁ ዕድር ምን ይለዋል?» አምስት ደቂቃ ዝም ብለው ጻፉ። ከዚያ ክፍሉ ተንጫጫ። አንዱ መመዝገቢያው ከበድ ይላል አለ፣ ሌላዋ የእናቷ ዕድር አዲስ አባል ወራት ሳይጠብቅ አይከፈለውም አለች። ለምን ስላት «ተቀብሎ ሊጠፋ ነዋ!» ብላ ሳቀች። ኢኮኖሚስቶች «አድቨርስ ሴሌክሽን» የሚሉት ይኸው ነው፤ መድን ለመግባት የሚሽቀዳደመው ጉዳት የቀረበበት ሰው ነው። ቃሉን ያስተማርኳት እኔ ነኝ፣ ነገሩን ግን ከቤቷ ይዛው መጥታለች።

ጥያቄ ሁሉ ግን እንዲህ አይሠራም። መጀመሪያ ያዘጋጀሁት «ዕድር ምንድን ነው?» የሚል ነበር፤ ከተማሪዎቹ ያገኘሁት የመማሪያ መጽሐፍ ትርጓሜ ሆነ። «አድቨርስ ሴሌክሽን ምንድን ነው?» ብል ደግሞ ገና ያላነበቡትን መፈተን ነው። የሚበጀው ተማሪው ከኑሮው ሊመልሰው የሚችለው፣ ጽሑፉም በራሱ መንገድ የሚመልሰው ጥያቄ ነው። እሱን ለማግኘት ጽሑፉን ከመጨረሻው ወደ ኋላ አነባለሁ። መደምደሚያው ምን ይላል? ተማሪዬ ይህን የመሰለ ነገር የት አይቶ ያውቃል? ለአንድ ጽሑፍ ሁለት ወይም ሦስት ጥያቄ ይበቃል፤ ከዚያ ካለፈ ንባቡ ራሱ ጊዜ ያጣል።

አደጋም አለው። ዶና አልቨርማንና ባልደረቦቿ በ1985 ባወጡት ጥናት፣ የስድስተኛ ክፍል ልጆች የሚያውቁትን አስቀድመው እንዲያስታውሱ ተደርጎ ጽሑፉ ከዚያ ጋር ሲጋጭ፣ የገጹን ትተው የራሳቸውን ያዙ። የእኔዎቹም «ዕድር መረዳዳት ነው» ብለው ጀመሩ። ጽሑፉ የሚለው ሌላ ነው፤ ዕድር የታወቀ ደንብ፣ ብዙ ጊዜም የተወሰነ መዋጮ ያለው መድን ነው፣ አንዳንዱም ከቀብር አልፎ ብድር ይሰጣል። በመጀመሪያው ዙር ብዙዎቹ ይህን አንብበውም «መረዳዳት» ብለው አጠቃለሉት። አሁን የጻፉትን መልስ አጠገባቸው አስቀምጠው የሚቃረነውን አንድ ዓረፍተ ነገር ከጽሑፉ ፈልገው እንዲያሰምሩበት አደርጋለሁ። ማስመሪያ ያጣ ተማሪ ካለ በደንብ አላነበበም፤ ወይም እሱ ጋ ሄጄ አብረን እናነባለን።

በሌላ ሳምንት ግን በሪግሬሽን ሠንጠረዥ የተሞላ ጽሑፍ ሰጥቻቸው ይኸው ዘዴ ከሸፈ። ሠንጠረዡ ውስጥ ያሉት ኮከቦች ምን እንደሆኑ የሚያውቅ አልነበረም፣ በጥያቄ የሚቀሰቀስም ነገር አልነበረም። ያን ቀን ጠመኔዬን አንስቼ ግማሽ ሰዓት ስለ ኮከቦቹ አስተማርኩ።