ለሐምሌ ሥጋ ስንት ወጣ?

የአንድ አነስተኛ ምግብ ቤት የወጪ መዝገብ በኤክሴል ተይዟል እንበል። የተገዛው ሁሉ በየቀኑ እየተመዘገበ ይሰፍርበታል። ባለቤቷ «እስካሁን በጠቅላላ ስንት አወጣን?» ብላ ብትጠይቅ መልሱ ቀላል ነው፤ የብሩን ዓምድ ከላይ እስከ ታች መደመር ብቻ ነው። ባለቤቶች ግን አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ አይጠይቁም። የሚጠይቁት «ለሐምሌ ሥጋ ስንት ወጣ?» ብለው ነው። ይህ ጥያቄ ሁለት ማጣሪያ አለው፤ አንደኛው የዕቃው ዓይነት፣ ሁለተኛው ጊዜው።

ብዙ ሒሳብ ያዥ እዚህ ላይ ካልኩሌተር ያነሳል። ኮምፒውተር ፊቱ ተከፍቶ ሳለ፣ በጣቱ ረድፍ በረድፍ እየተከተለ ሥጋ የሚለውን ብቻ ይደምራል። ሥራው ግን የአንድ ፎርሙላ ሥራ ነው። ለማሳያ ዘጠኝ ግዢዎች ብቻ ያሉበትን ይህን መዝገብ እንይ፦

```
     A            B      C
1    ቀን           ዓይነት   ብር
2    2025-07-05   ዘይት    6200
3    2025-07-12   ሥጋ     11200
4    2025-07-15   ጤፍ     14500
5    2025-07-19   ሥጋ     8400
6    2025-07-22   ዘይት    6400
7    2025-07-26   ስጋ     9100
8    2025-08-02   ሥጋ     10300
9    2025-08-05   ሥጋ     7000
10   2025-08-23   ሥጋ     12600
```

ቀኑ የተጻፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ ምክንያቱን ወደ በኋላ እናየዋለን። የመጀመሪያው የሥጋ ግዢ የሐዋርያት ጾም የተፈታበት ሐምሌ 5 ነው፤ የመጨረሻው ደግሞ ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ ነሐሴ 17። በ2017 ዓ.ም. ሐምሌ 1 ጁላይ 8 ቀን 2025 ላይ ዋለ፤ ነሐሴ 1 ደግሞ ኦገስት 7።

ከመዝገቡ ራቅ ብለን በሦስት ሴሎች ጥያቄያችንን እንጻፍ። E1 ላይ ሥጋ፣ E2 ላይ 2025-07-08፣ E3 ላይ 2025-08-07። ከዚያ በማንኛውም ባዶ ሴል ውስጥ ይህን እናስገባለን፦

```
=SUMIFS(C:C,B:B,E1,A:A,">="&E2,A:A,"<"&E3)
```

አነባበቡ እንዲህ ነው። መጀመሪያ የሚደመረው ዓምድ ይጠቀሳል፤ ብሩ ያለበት C። ከዚያ ሁኔታዎቹ ጥንድ ጥንድ እየሆኑ ይከተላሉ፤ የት እንደሚፈለግና ምን እንደሚፈለግ። በB ዓምድ E1 ላይ የተጻፈውን ፈልግ፣ በA ዓምድ ቀኑ ከE2 ጀምሮ ያለውን ፈልግ፣ እንደገና በA ዓምድ ከE3 በፊት ያለውን ፈልግ። አንድ ረድፍ የሚደመረው ሦስቱንም ሲያሟላ ብቻ ነው። ነገ E1 ላይ ያለውን ሥጋ አጥፍተው ዘይት ቢሉት መልሱ በቅጽበት የዘይት ይሆናል፤ ፎርሙላውን መንካት አያስፈልግም።

ጀማሪ የሚሰናከለው በዚያች & ምልክት ነው። የማነጻጸሪያው ምልክት በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ ይገባል፣ የሴሉ ስም ግን ከጥቅሱ ውጭ ሆኖ በ& ይያያዛል። ">=E2" ተብሎ አንድ ላይ በጥቅስ ከታሰረ ኤክሴል E2 የሚለውን እንደ ሴል ሳይሆን እንደ ተራ ጽሑፍ ስለሚወስደው መልሱ ዜሮ ይሆናል።

SUMIFS ከኤክሴል 2007 ጀምሮ ያለ ፎርሙላ ነው፤ በጉግል ሺትስም ይሠራል። ከእሱ በፊት የነበረው SUMIF አንድ ሁኔታ ብቻ የሚቀበል ሲሆን፣ የሚደመረውን ዓምድ የሚጠይቀው በመጨረሻ ነው። ሁለቱን እያቀያየሩ መጠቀም ቅደም ተከተሉን ያምታታል። በእኔ አስተያየት ሁኔታው አንድ ብቻ ቢሆንም SUMIFSን ብቻ መልመድ ይበጃል።

አሁን ወደ ቀኑ እንምጣ፤ ሒሳብ በብዛት የሚበላሸው እዚህ ነውና። ኤክሴል ቀንን የሚይዘው በቁጥር ነው። ጃንዋሪ 1 ቀን 1900ን አንድ ብሎ ይጀምርና እየቆጠረ ይሄዳል፤ በዚህ ቆጠራ ጁላይ 8 ቀን 2025 ማለት 45846 ነው፣ ኦገስት 7 ደግሞ 45876። «ከዚህ እስከዚያ» የሚለው ጥያቄ ለእሱ የሁለት ቁጥሮች ማነጻጸር ብቻ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ልክ 30 መሆኑን ልብ ይሏል። ወራችን ሁልጊዜ 30 ቀን ስለሆነ E3 ላይ =E2+30 ብሎ መጻፍ ይበቃል፤ ፈረንጆቹ 28፣ 30፣ 31 እያሉ የሚቸገሩበት ጣጣ እኛን አይነካንም። ጳጉሜን ብቻ 5 ወይም 6 ብሎ ለብቻዋ ማስላት ነው።

ችግሩ የሚመጣው የእኛን ቀን በቀጥታ ስንጽፍ ነው። ሐምሌ 5 ቀን 2017ን 5/11/2017 ብሎ የጻፈ ሰው ለኤክሴል የነገረው ኖቬምበር 5 ቀን 2017ን ነው፤ የኮምፒውተሩ ቅንብር የአሜሪካ ከሆነ ደግሞ ሜይ 11። ጥቅምት 30ን 30/2/2017 ብሎ የጻፈ ደግሞ በፌብሩዋሪ 30ኛ ቀን ስለሌለ፣ ቀኑ ቀን መሆኑ ቀርቶ ተራ ጽሑፍ ይሆንበታል። ጽሑፍ የሆነ ቀን ከቁጥር ጋር ስለማይነጻጸር ረድፉ ከድምሩ ይወጣል። ኤክሴል ስለዚህ ምንም አይናገርም፤ የስህተት ምልክትም አያሳይም።

በፈረንጆቹ አቆጣጠር መጻፍም ብቻውን አያድንም። ቅንብሩ የአሜሪካ በሆነ ኮምፒውተር ላይ ጁላይ 12ን 12/7/2025 ብለው ቢጽፉ ዲሴምበር 7 ይሆናል። ክፋቱ ሴሉ ላይ የሚታየው ያው የጻፉት 12/7/2025 ስለሆነ ዓይን አይይዘውም። 19/7/2025 ደግሞ 19ኛ ወር ስለሌለ ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ከላይ እንደተደረገው ዓመቱን አስቀድሞ 2025-07-12 ብሎ መጻፍ ከሁሉ የተሻለው ነው፤ የትኛውም ቅንብር አይገለብጠውም። የእኛ ቀን እንዲታይ ከተፈለገ በሌላ ዓምድ «ሐምሌ 5» ብሎ በፊደል መጻፍ ይቻላል፤ ለንባብ እንጂ ለስሌት አይሁን።

የተጻፈው እውነተኛ ቀን መሆኑን ለማወቅ ሴሉን ማየት ይረዳል። ማንም ካላስተካከለው በቀር ቀን ወደ ቀኝ ይጠጋል፣ ጽሑፍ ወደ ግራ። ረድፉ ብዙ ከሆነ ይህን መጻፍ ይቀላል፦

```
=COUNTA(A:A)-COUNT(A:A)
```

የመጀመሪያው የተሞሉ ሴሎችን ሁሉ ይቆጥራል፣ ሁለተኛው ቁጥር የሆኑትን ብቻ። መልሱ 1 ከሆነ ያ አንዱ «ቀን» የሚለው ርዕስ ነው። ከ1 ከበለጠ ከቀኖቹ መካከል ጽሑፍ የሆነ አለ ማለት ነው። ዲሴምበር የሆነውን ጁላይ ግን ይህ አይዘውም፤ እሱን ለማግኘት የዓምዱን አቀራረብ የወር ስም ወደሚያሳየው ቀይሮ ማየት ነው።

ለምን የመጨረሻውን ቀን «እስከ ሐምሌ 30» ሳንል «ከነሐሴ 1 በፊት» አልን? ከባንክ ወይም ከሞባይል ክፍያ የወረደ ዝርዝር አብዛኛውን ጊዜ ከቀኑ ጋር ሰዓት አለው። ኤክሴል ሰዓቱን በአሥርዮሽ ስለሚይዘው የሐምሌ 30 እኩለ ቀን 45875.5 ይሆናል። «ከ45875 ያልበለጠ» ብለን ብንጠይቅ የዚያ ቀን ግዢ በሙሉ ማለት ይቻላል ይቀራል።

እንግዲህ ፎርሙላው ምን መለሰ? 36,900 ብር። የሐምሌን የሥጋ ግዢ በእጅዎ ቢደምሩት ግን 46,000 ይመጣል። የጎደለው 9,100 ብር ረድፍ 7 ላይ ነው። የሐምሌ ገብርኤል ዕለት ሒሳብ ያዡ ንግሥ ሄዶ፣ በእሱ ፈንታ የመዘገበው ሰው «ስጋ» ብሎ በእሳቱ ሰ ጽፏል እንበል። ለአንባቢ ሁለቱም አንድ ናቸው። ለኮምፒውተር ግን ሥ እና ስ ለየብቻ መለያ ቁጥር ያላቸው ሁለት ፊደላት ስለሆኑ ቃላቱ አይገናኙም። ሀ፣ ሐ እና ኀም እንዲሁ፤ ጸ እና ፀም እንዲሁ፤ ደመወዝ እና ደሞዝም። ከቃሉ በኋላ ሳይታወቅ የገባች አንዲት ክፍተት እንኳ ረድፉን ታስወጣለች፤ እሷ ደግሞ ለዓይን ጨርሶ አትታይም።

መከላከያው ዓይነቱን በእጅ አለማስጻፍ ነው። የB ዓምድ ላይ Data ከሚለው ውስጥ Data Validation ተመርጦ፣ List ተብሎ የዓይነቶቹ ዝርዝር ቢሰጠው መዝጋቢው የሚመርጠው ከተዘጋጀው ብቻ ይሆናል። ቀድሞ የገባውን ደግሞ Ctrl+H ተጭኖ «ስጋ»ን በ«ሥጋ» መተካት ነው። እንዲህ ስናደርግ ፎርሙላው 46,000 ይላል።

ይህን ያወቅነው ግን መዝገቡ ዘጠኝ ረድፍ ብቻ ስለሆነ ነው። ዘጠኝ መቶ ቢሆንስ? ማንም በእጁ አይደምርም። ስለዚህ መዝገቡ ራሱን እንዲፈትሽ ማድረግ ያስፈልጋል። ከG2 እስከ G4 ሥጋ፣ ጤፍ፣ ዘይት ብለን እንጻፍ። H2 ላይ =SUMIFS(C:C,B:B,G2) አስገብተን ወደ ታች እንጎትተው። ከእነሱ በታች ደግሞ፦

```
=SUM(C:C)-SUM(H2:H4)
```

እርማቱ ከመደረጉ በፊት ሥጋ 49,500፣ ጤፍ 14,500፣ ዘይት 12,600 ሆኖ በድምሩ 76,600 ይመጣል። የብሩ ዓምድ ጠቅላላ ድምር ግን 85,700 ነው። ልዩነቱ 9,100፤ የጠፋው ረድፍ ገንዘብ ልክ እሱ ነው። ቁጥሩን ይዞ C ዓምድ ላይ መፈለግ ብቻ ነው የሚቀረው። ልዩነቱ ከአንድ በላይ ረድፍ የመጣ ከሆነ ፍለጋው ትንሽ ይረዝማል፤ ቢሆንም መጉደሉን አውቀዋል።

ይህ ፍተሻ የማይዘው አንድ ነገር አለ። ሰው ብሩን «9,100 ብር» ብሎ ከነቃሉ ከጻፈ ሴሉ ቁጥር መሆኑ ያበቃል። SUMም SUMIFSም እኩል ይዘሉታል፤ ልዩነቱ ዜሮ ሆኖ ገንዘቡ ግን ከሁለቱም የለም። ስለዚህ ለA ዓምድ ያደረግነውን የCOUNTA እና የCOUNT ቅናሽ ለC ዓምድም ማድረግ ይገባል። ሁለቱ ቅናሾች 1፣ የድምሮቹ ልዩነት ደግሞ ዜሮ ካልሆኑ የሐምሌን ሒሳብ ለባለቤቷ አይስጡ።