የላገርና የኤል እርሾ

ቢራ በዋናነት በሁለት ዓይነት እርሾ ይጠመቃል። የኤል እርሾ ከ15 እስከ 24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይስማማዋል፤ ብዙውን ጊዜም አናት ላይ አረፋ ሠርቶ ይሰበሰባል። የላገር እርሾ የኤል እርሾና ብርድ የሚችል ሌላ እርሾ ዲቃላ ነው፤ ከ8 እስከ 14 ዲግሪ ቀስ ብሎ ይሠራና ከታች ይዘቅጣል።

ሙቀት ሲጨምር እርሾው ይፈጥናል፤ ኤስተር የተባሉትን የፍራፍሬ ሽታ ያላቸው ውህዶችም ያበዛል። የጀርመን የስንዴ ቢራ ሙዝ ሙዝ የሚሸተው በእነዚሁ ነው። በቅዝቃዜ የተብላላ ላገር ግን ኤስተሩ አነስተኛ ስለሆነ የብቅሉ ጣዕም ጥርት ብሎ ይወጣል።

ቅዝቃዜም ችግር አለው፤ ቅቤ ቅቤ የሚሸተው ዳያሴቲል ሳይወገድ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ጠማቂዎች መብላላቱ ሊያበቃ ሲል ሙቀቱን ለሁለት ቀን ያህል ወደ 16 ዲግሪ ገደማ ከፍ ያደርጋሉ፤ እርሾውም ዳያሴቲሉን መልሶ ይወስደዋል።