ሰልፍ ላይ የሚነገረው የአምስት ደቂቃ ንግግር

ደወሉ ይደወላል። ተማሪው በየክፍሉ ይሰለፋል፣ ሰንደቅ ዓላማው ይወጣል፣ መዝሙሩም ያበቃል። ከዚያ ርዕሰ መምህሩ ወይም ዩኒት ሊደሩ የሚኒ ሚዲያውን ማይክራፎን ተቀብሎ ስለ ማርፈድ፣ ስለ ደንብ ልብስ፣ ስለ ፈተና ይናገራል። አልፎ አልፎም "ጉልበተኞች አደብ ግዙ! የተነካም ልጅ መጥቶ ይናገር" ይልና ተማሪውን ወደ ክፍል ያሰናብታል።

በዚህ ንግግር ውስጥ ስህተት የለም። ግን ሰሚም የለውም። ጉልበተኛው ራሱን ጉልበተኛ ብሎ አይጠራም፤ ቢጠየቅ "እየተጫወትን ነው" ነው የሚለው። የሚጠቃው ልጅ ደግሞ ማን ዘንድ ሄዶ ምን ብሎ እንደሚናገር አልተነገረውም። አብዛኛው ተማሪ ሌላውን አይመታም፣ እሱንም የሚነካው የለም። ስለዚህ ነገሩ እኔን አይመለከትም ብሎ ወደ ክፍሉ ይገባል። ንግግሩ መጀመር የነበረበት ግን ከዚህኛው ልጅ ነው።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የተገኘው ካናዳ ውስጥ ነው። ዴብራ ፔፕለርና ዌንዲ ክሬግ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በቶሮንቶ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ ትንንሽ ገመድ አልባ ማይክራፎኖች አድርገው፣ የረፍት ሰዓቱን ከሩቅ በካሜራ ቀረጹ። በእነዚህ ቀረጻዎች ላይ ተመሥርቶ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2001 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ከ100 ጥቃቶች በ88ቱ ሌሎች ልጆች ቆመው ያያሉ። ከሚያዩት መካከል አንድ ልጅ ገብቶ የሚገላግለው ግን በ19ኙ ብቻ ነበር። የሚገርመው ቀጥሎ ያለው ነው፤ አንድ ልጅ ከገባ ከግማሽ በላይ በሚሆነው ጊዜ ጥቃቱ በ10 ሰከንድ ውስጥ ቆሟል።

መምህራኑስ የት ነበሩ? እነዚሁ ተመራማሪዎች ቀደም ብለው ባወጡት ጥናት አዋቂ ደርሶ ያስቆመው ከ100 ጥቃቶች 4ቱን ያህል ነው። ይህ መምህራንን ለመውቀስ የሚነገር ቁጥር አይደለም። አንዱ ጥቃት ከአንድ ደቂቃ በታች ስለሚያልቅ፣ መምህሩ ዞር ብሎ እስኪያይ ሁሉም ነገር ጸጥ ይላል። አዋቂው የሚያውቀው ያየ ልጅ ከነገረው ነው።

ስለዚህ ማይክራፎኑን የሚይዘው ሰው የመጀመሪያውን ደቂቃ ቆሞ ለሚያየው ልጅ ቢሰጥ ይጠቅማል። "ዛሬ የምናገረው ለሚመታውም ለሚመታበትም አይደለም። ከሮቶው ጀርባ ቆሞ ለሚያየው ነው" ብሎ ቢጀምር ሰልፉ ጸጥ ይላል። ያ ልጅ መደባደብ አይጠበቅበትም። አለመሳቅ፣ የተጠቃውን ልጅ "ና እንሂድ" ብሎ ከቦታው ይዞ መሄድ፣ ከዚያም ለአዋቂ መንገር ይችላል።

ለልጆች የሚከብደው ይህ የመጨረሻው ነው። "አሳባቂ" የሚለው ስም በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ከዱላ ይከፋል። ንግግሩ ይህን ቃል ሸሽቶ ማለፍ የለበትም፤ በስሙ ጠርቶ ልዩነቱን ማስረዳት አለበት። ማሳበቅ ሌላውን ልጅ ለማስቀጣት ነው፤ "ቲቸር፣ እሱ ማስቲካ እያኘከ ነው" እንደሚባለው። መንገር ግን ጉዳት ላይ ያለን ልጅ ለማዳን ነው። ይህ ልዩነት በምሳሌ ከተነገረ የ2ኛ ክፍል ልጅም ይገባዋል።

ሁለተኛው መለየት ያለበት ነገር ጠብና ጥቃት ናቸው። ለዚህ መነሻውን ያስቀመጠው በኖርዌይዋ በርገን ከተማ ይሠራ የነበረው ዳን ኦልቬዩስ ነው። በ1982 መጨረሻ በኖርዌይ ሦስት ታዳጊ ወንዶች ሕይወታቸውን ካጠፉ በኋላና ምክንያቱም የእኩዮቻቸው ጥቃት ሳይሆን እንዳልቀረ ሲታወቅ፣ የአገሪቱ ትምህርት ሚኒስቴር በ1983 ዘመቻ ጀመረ፤ ኦልቬዩስም የመከላከያ ፕሮግራሙን በዚያው ዘመቻ ውስጥ ሞከረ። ነገሩን የለየባቸው ምልክቶች ሦስት ናቸው፦ ሆን ተብሎ የሚደረግ ነው፣ ይደጋገማል፣ የሚጠቃው ልጅም ራሱን ለመከላከል አቅም ያንሰዋል። ሁለት እኩዮች በኳስ ተጣልተው ቢቧቀሱ ጠብ ነው። ሦስት ልጆች አንዱን በየቀኑ ቢያሸማቅቁ ግን ጥቃት ነው፤ አንድም ቡጢ ባይሰነዘር።

ይህ ልዩነት በእኛ አገር ለአዋቂውም ያስፈልጋል። ምክንያቱም የእኛ የመጀመሪያ መድኃኒት ማስታረቅ ነው። የተጣሉ እኩዮችን ማስታረቅ ደግ ነገር ነው። የተጠቃን ልጅ ከአጥቂዎቹ ፊት አቁሞ "በሉ ይቅር ተባባሉ" ማለት ግን ላላጠፋው ጥፋት ይቅርታ እንዲጠይቅ ማስገደድ ነው፤ ከግቢ ሲወጡም እነዚያው ልጆች በር ላይ ይጠብቁታል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የ5ኛ ክፍል ተማሪ የሆነ ልጅ አለ እንበል። ሦስት የ7ኛ ክፍል ልጆች በምሳ ሰዓት ከሮቶው ጀርባ እየጠበቁ ምሳ ዕቃውን ይቀሙታል። እናቱ ምሳ ዕቃው ባዶ ሆኖ ስለሚመለስ ልጄ ይበላል ብላ ደስ ይላታል። ልጁ ግን ከሰዓት ክፍል ውስጥ ይተኛል፣ ጠዋት ሆዴን አመመኝ ማለትም ጀምሯል። የክፍል ጓደኛው ሁለት ጊዜ አይቷል። ያ ጓደኛ "ልጆች ያስቸግሩታል" ቢል መምህሩ ሊረሳው ይችላል። "ሰኞና ማክሰኞ፣ በምሳ ሰዓት፣ ከሮቶው ጀርባ፣ ሦስት የ7ኛ ክፍል ልጆች ምሳውን ቀሙት" ቢል ግን መምህሩ ረቡዕ እዚያው መቆም ይችላል። ማን፣ የት፣ መቼ፣ ስንት ጊዜ የሚሉትን ጥያቄዎች ሰልፍ ላይ ጮክ ብሎ ማስተማር አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

"ለአዋቂ ንገሩ" ማለትም አይበቃም። አዋቂው ማን እንደሆነ መታወቅ አለበት። ፊንላንድ ውስጥ በቱርኩ ዩኒቨርሲቲ በክሪስቲና ሳልሚቫሊ መሪነት የተዘጋጀው ኪቫ የተባለው ፕሮግራም ረፍት የሚጠብቁ መምህራንን ከሩቅ የሚታይ ሰደርያ ያስለብሳል። እዚህም ርዕሰ መምህሩ ሁለት ሦስት መምህራንን ወደ ፊት ጠርቶ "ፊታቸውን እዩ፣ ቢሯቸው እዚያ ነው፣ የነገራቸው ልጅ ስም ሰልፍ ላይ አይጠራም" ማለት ይችላል። የመጨረሻው ቃል ከተጣሰ ግን በቀጣዩ ወር የሚናገር ልጅ አይኖርም።

ከተነገረ በኋላ ያለው ሥራ የአዋቂዎች ነው። በኪቫ አሠራር ሁለት ሦስት የሠለጠኑ አዋቂዎች መጀመሪያ የተጠቃውን ልጅ ብቻውን ያነጋግራሉ። ከዚያ አጥቂዎቹን አንድ በአንድ፣ ቀጥሎም በአንድነት አነጋግረው ምን እንደሚያደርጉ ያስማሟቸዋል። የክፍሉ መምህር ደግሞ በክፍሉ የሚወደዱ ሁለት እስከ አራት ልጆችን መርጦ የተጠቃውን ልጅ እንዲያቀርቡት ይጠይቃቸዋል። አለንጋና ማንበርከክ በዚህ ውስጥ ቦታ የላቸውም። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 36 ልጆችን በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ይጠብቃል። ደግሞም የተገረፈ ጉልበተኛ የሚማረው ትልቅ ትንሹን መምታት እንደሚችል ነው።

ኪቫ ውስጥ ነገሩ በዚህ አያበቃም። ከአንድ ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ያው አዋቂ ልጁን መልሶ ያገኘዋል። የ5ኛ ክፍሉን ልጅ ያነጋገረው መምህርም ያን ቀን "አሁን ደህና ነህ?" ብሎ ቢጠይቀው ልጁ አዎ ብሎ ሊያልፈው ይችላል። "ትናንት ምሳህን ከማን ጋር በላህ?" ቢለው ግን መልሱን ያገኛል።