ጥቀርሻ የሂማላያን በረዶ እንዴት ያቀልጣል?

ማገዶም ሆነ ናፍጣ በቂ አየር ሳያገኝ ሲቃጠል፣ ካርቦኑ በሙሉ ወደ ጋዝ አይለወጥም። ከፊሉ ጥቁር ብናኝ ሆኖ ከጭሱ ጋር ይወጣል፤ ጥቀርሻ የምንለው ይህንን ነው። አየር ላይ የሚቆየው ለቀናት፣ ቢበዛ ለሁለት ሳምንት ያህል ቢሆንም፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ የፀሐይ ብርሃን እየዋጠ ዙሪያውን ያሞቃል።

ከሰሜን ህንድና ከኔፓል ሜዳዎች የሚነሳው ጥቀርሻ በነፋስ ተገፍቶ ሂማላያ ላይ ያርፋል። ጉዳቱ የሚብሰው እዚያ ነው። አዲስ የጣለ በረዶ ካረፈበት ብርሃን 80 በመቶና ከዚያ በላይ ይመልሳል። በዓይን የማይለይ ጥቂት ጥቀርሻ እንኳ ይህን ይቀንሰዋል። በረዶው ሲሞቅ ቅንጣቶቹ ይተልቃሉ፤ የተለቁት ደግሞ ይበልጥ ብርሃን ይውጣሉ። ሲቀልጥ ውሃው ይሄዳል፣ ብዙው ጥቀርሻ ግን ላይ ይቀራል። መቅለጡ መቅለጥን እየጎተተ የሚመጣው በዚህ ምክንያት ነው።

የጠቆረ በረዶ ሁሉ ግን ጥቀርሻ ነክቶታል ማለት አይደለም፤ አቧራም ያጠቁረዋል። ለመለየት ናሙናው ቀልጦ ይጣራል፣ ማጣሪያው ላይ የቀረውም ይመረመራል።

ጥቀርሻን ከምንጩ መቀነስ ይቻላል። ለምሳሌ ኔፓል ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2015 የመሬት መንቀጥቀጥ ካፈረሳቸው የጡብ ማቃጠያዎች ከፊሎቹ በተሻለ ንድፍ ተሠሩ። ጡቦቹ የሚደረደሩት አየሩ በመካከላቸው እየተጠማዘዘ እንዲያልፍ ነው። አየሩና የድንጋይ ከሰሉ በደንብ ሲገናኙ ጥቀርሻውም፣ የከሰል ወጪውም ይቀንሳል።

ጥቀርሻን መቀነስ ካርቦን ዳይኦክሳይድን መቀነስን አይተካም፤ ያ ጋዝ ለዘመናት ይቆያል። ጥቀርሻ ግን ምንጩ ከተዘጋ በሳምንታት ውስጥ ከአየር ላይ ይጠፋል።