የብረት ሁለት አደራደሮች፦ አቶሞችን መቁጠርና ጥቅጥቅነታቸውን ማስላት

ብረት 912 ዲግሪ ሴልሺየስ እስኪሞቅ ድረስ አቶሞቹ በአንድ ዓይነት ሥርዓት ተደርድረው ይቆያሉ። ከዚያ በላይ ሲሞቅ ግን ሳይቀልጥ፣ ጠጣር እንደሆነ፣ አቶሞቹ ወደ ሌላ አደራደር ይሸጋገራሉ። ሁለቱም አደራደሮች በኩብ የተመሠረቱ ናቸው። በመጀመሪያው በኩቡ ስምንት ጥጎች ላይ አንዳንድ አቶም፣ መሃል ላይ ደግሞ አንድ ተጨማሪ አቶም ይገኛል፤ ይህ ቢሲሲ ይባላል። በሁለተኛው መሃሉ ባዶ ሆኖ፣ ከጥጎቹ ሌላ በስድስቱም ገጾች መካከል አንዳንድ አቶም ይቀመጣል፤ ይህ ኤፍሲሲ ይባላል። አሉሚኒየም፣ መዳብና ወርቅ በኤፍሲሲ፣ ክሮሚየምና ተንግስተን በቢሲሲ የተደረደሩ ናቸው። ብረት እንደ ሙቀቱ ሁለቱንም ስለሚይዝ ለማነጻጸር የተመቸ ነው።

ይህ ኩብ ዩኒት ሴል ይባላል። በላይ፣ በታችና በጎን እየተደጋገመ ክፍተት ሳይተው ሙሉውን ክሪስታል የሚሠራ ትንሹ ሳጥን ማለት ነው። በክፍል ሙቀት የብረት ዩኒት ሴል የጎን ርዝመት 2.866 አንግስትሮም ነው፤ አንድ አንግስትሮም የሜትር አሥር ቢሊዮንኛ ነው።

በአንድ ዩኒት ሴል ውስጥ ስንት አቶም እንዳለ ሲቆጠር ብዙ ተማሪዎች የሚሳሳቱት ሥዕሉ ላይ የሚታዩትን ክቦች አንድ በአንድ በመቁጠር ነው። በቢሲሲ ሥዕል ዘጠኝ ክቦች ይታያሉ፤ ሴሉ ግን ዘጠኝ አቶሞች የሉትም። ሳጥኖቹ ተደራርበውና ጎን ለጎን ተጠጋግተው ሲቆሙ በእያንዳንዱ ጥግ ላይ ስምንት ሳጥኖች ይገናኛሉ። ስለዚህ ጥግ ላይ ያለ አቶም ለስምንት ሴሎች የጋራ ነው፤ ለአንዱ ሴል የሚደርሰው አንድ ስምንተኛው ብቻ ነው። ገጽ ላይ ያለውን አቶም የሚጋሩት ግራና ቀኝ ያሉ ሁለት ሴሎች በመሆናቸው ለእያንዳንዳቸው ግማሽ ይደርሳቸዋል። መሃል ላይ ያለው አቶም ግን ሙሉ በሙሉ የዚያው ሴል ነው።

በዚህ መሠረት ስምንቱ ጥጎች ተደምረው አንድ ሙሉ አቶም ይሰጣሉ። ቢሲሲ የመሃሉን ሲጨምር 1 + 1 = 2 አቶሞች ይኖሩታል። ኤፍሲሲ ስድስት ግማሾችን፣ ማለትም ሦስት አቶሞችን፣ ሲጨምር 1 + 3 = 4 ይሆናል።

ቆጠራው ትክክል መሆኑ በሚዛን ሊረጋገጥ ይችላል። የአንድ ብረት አቶም ክብደት 9.27 × 10⁻²³ ግራም ነው፤ የሁለቱ 18.54 × 10⁻²³ ግራም ይሆናል። የሴሉ ይዘት 2.866 በራሱ ሦስት ጊዜ ሲባዛ 23.54 ኪዩቢክ አንግስትሮም፣ ማለትም 2.354 × 10⁻²³ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ነው። ክብደቱ ለይዘቱ ሲካፈል የብረት እፍግታ በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 7.88 ግራም ይወጣል፤ ተለክቶ የተገኘውም 7.87 ገደማ ነው። አቶሞቹ ዘጠኝ ናቸው ቢባል ኖሮ መልሱ ከ35 ግራም በላይ ይሆን ነበር። በእፍግታ ከብረታ ብረቶች ሁሉ የሚልቀው ኦስሚየም እንኳ 22.6 ግራም ገደማ በመሆኑ ስህተቱ ወዲያው ይጋለጣል።

ቀጣዩ ጥያቄ የሴሉ ስንት እጅ በአቶሞች ተይዟል የሚለው ነው። አቶሞቹ እርስ በርስ የሚነካኩ እኩል ድንቡልቡል ኳሶች ናቸው ተብሎ ይታሰብና የኳሶቹ ይዘት ለኩቡ ይዘት ይካፈላል። ውጤቱ የአቶሞች የጥቅጥቅነት መጠን ይባላል። ለዚህ ስሌት ወሳኙ ነገር ኳሶቹ የሚነካኩበትን መስመር ለይቶ ማወቅ ነው፤ የኳሱ ራዲየስ (r) እና የኩቡ ጎን (a) የሚዛመዱት በዚያ መስመር ላይ ነውና።

በቢሲሲ የጥግ አቶሞች በኩቡ ጠርዝ ላይ አይነካኩም፤ የመሃሉ አቶም ገፍቶ አራርቋቸዋል። የሚነካኩት ከአንዱ ጥግ ተነስቶ በመሃል አልፎ ተቃራኒው ጥግ ድረስ በሚዘረጋው ዲያጎናል ላይ ነው። የዚህ መስመር ርዝመት በፓይታጎረስ ሕግ √3 × a ነው። በመስመሩ ላይ ከመጀመሪያው ጥግ አንድ ራዲየስ፣ ከመሃሉ አቶም ሁለት፣ ከመጨረሻው ጥግ አንድ፣ በድምሩ አራት ራዲየስ ይገኛል። ስለዚህ √3 × a = 4r ይሆናል። የሁለቱ ኳሶች ይዘት ለኩቡ ሲካፈል √3π/8፣ ማለትም 0.68 ይወጣል፤ ከሴሉ 68 በመቶው ተይዟል፣ 32 በመቶው ባዶ ነው።

በኤፍሲሲ መነካካቱ በገጹ ዲያጎናል ላይ ነው። ርዝመቱ √2 × a ሲሆን እዚህም አራት ራዲየስ ይይዛል። የአራቱ ኳሶች ይዘት ለኩቡ ሲካፈል π/(3√2)፣ ማለትም 0.74 ይሆናል። እኩል ኳሶችን ከዚህ አስበልጦ ማጨቅ አይቻልም። ዮሐንስ ኬፕለር ይህን ግምት በ1611 እ.ኤ.አ. አቅርቦት ነበር፤ ማረጋገጫውን ቶማስ ሄልስ ያቀረበው በ1998 እ.ኤ.አ. ነው።

በስሌቱ የሚዘወተረው ስህተት ኳሶቹ በጠርዝ ላይ ይነካካሉ ብሎ a = 2r መውሰድ ነው። በቢሲሲ ይህ 1.05፣ በኤፍሲሲ 2.09 ይሰጣል። ሳጥን ከይዘቱ በላይ ሊሞላ ስለማይችል ከአንድ የበለጠ መልስ ሁሉ ስህተት ነው።

ሆኖም የኳስ ሐሳቡ ወሰን አለው። ብረት በ912 ዲግሪ ከ0.68 ወደ 0.74 ሲሸጋገር፣ አቶሞቹ ግትር ኳሶች ቢሆኑ ኖሮ፣ ይዘቱ በ8 በመቶ መቀነስ ነበረበት። ሲለካ የሚገኘው ቅናሽ ግን 1 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ምክንያቱ የአቶም መጠን በጎረቤቶቹ ብዛት መለወጡ ነው። በቢሲሲ አንድ አቶም ስምንት የቅርብ ጎረቤቶች አሉት፤ በኤፍሲሲ አሥራ ሁለት። ጎረቤት ሲበዛ እያንዳንዱ ትስስር በጥቂቱ ይላላል፤ ርቀቱም ይሰፋል። በዚያው ሙቀት የብረት አቶም ራዲየስ በቢሲሲ 1.26 አንግስትሮም ገደማ ሲሆን በኤፍሲሲ 1.29 ይደርሳል።

የጥቅጥቅነት መጠኑ የባዶውን ቦታ ድምር ቢናገርም አከፋፈሉን አይናገርም። ቢሲሲ በድምሩ የበለጠ ባዶ ቦታ ቢኖረውም ቦታው በብዙ ትናንሽ ቀዳዳዎች ተበትኗል፤ ትልቁ ቀዳዳ የሚያስገባው ከአቶሙ ራዲየስ 0.29 እጥፍ የሆነ ኳስ ነው። ኤፍሲሲ ግን ያለው ጥቂት ባዶ ቦታ በአነስተኛ ቁጥር ቀዳዳዎች ተሰብስቧል፤ ትልቁ 0.41 እጥፍ የሆነ ኳስ ይይዛል። ስለዚህ ካርቦን ይበልጥ የሚገባው ይበልጥ በታጨቀው ብረት ውስጥ ነው። ኤፍሲሲ ብረት በክብደት እስከ 2.1 በመቶ ካርቦን ሲያሟሟ ቢሲሲ ብረት የሚችለው 0.02 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ብረት አንጥረኛ ካርቦን ያለበትን ብረት አግሎ ድንገት ውሃ ውስጥ ሲነክረው የሚጠነክረውም፣ በኤፍሲሲ ቀዳዳዎች የገባው ካርቦን መውጫ ጊዜ አጥቶ በአዲሱ አደራደር ውስጥ ታጉሮ ስለሚቀር ነው።