ቀን ደህና ውሎ ማታ የሚጮህ ኢንቨርተር

የ12 ቮልት ባትሪን ኃይል ወደ 220 ቮልት የሚቀይር ኢንቨርተር ቀን ደህና ሲሠራ ውሎ ማታ “ባትሪ አነሰ” ብሎ ቢጮህ ወይም “ጭነት በዛ” ብሎ ቢጠፋ፣ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የማታ ብቻ አይደለም። ፀሐይ ሳለች የሶላር ፓነሉ ኃይል እያገዘ ቮልቴጁን ከ13 በላይ ስለሚይዘው ድክመቱ ሳይታወቅ ይውላል። ከመሸ በኋላ ግን ሸክሙ ሁሉ በባትሪው ላይ ይወድቃል።

አንድ ባለ 1000 ዋት ኢንቨርተር፣ ባለ 100 አምፔር ሰዓት ሊድ አሲድ ባትሪ፣ አምፖሎች፣ ቴሌቪዥንና ትንሽ ፍሪጅ ያሉበትን ቤት እንውሰድ። ጩኸቱ የሚሰማው ፍሪጁ በተነሣ ቁጥር ነው፤ ወዲያው ደግሞ ይቆማል። ዋናው ፍንጭ ይህ ነው። የፍሪጅ ሞተር ሲነሣ ለቅጽበት ከወትሮው ብዙ እጥፍ ኃይል ስለሚስብ ቮልቴጁ ይወርዳል። ኢንቨርተሩ የሚያየው ደግሞ በራሱ መግቢያ ላይ የደረሰውን ቮልቴጅ ብቻ ነው።

ሥራ ላይ ያልሆነ ባትሪ 12.5 ቮልት ቢያሳይ ስለ ጤንነቱ ብዙ አይናገርም፤ መለካት ያለበት ጭነት ተሸክሞ ሳለ ነው። ተራ መልቲሜትር የሞተሩን ቅጽበታዊ ስበት ስለማይደርስበት፣ ፍሪጁ ተነቅሎ 500 ዋት ገደማ የሚወስድ ማሞቂያ ለአንድ ደቂቃ ይሰካል። በዚያች ደቂቃ ሁለት ቦታ ይለካል፦ በባትሪው የእርሳስ ጫፎች ላይ (በማሰሪያው ላይ አይደለም፤ የላላ ማሰሪያ ራሱ ተጠርጣሪ ነውና) እና በኢንቨርተሩ መግቢያ ላይ።

በዚህ ቤት ባትሪው ላይ 12.1፣ ኢንቨርተሩ ላይ 11.2 ቮልት ተገኘ እንበል። 0.9 ቮልቱ መንገድ ላይ ቀርቷል። ባለ 6 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ገመድ በሄደበትና በተመለሰበት 6 ሜትር ርዝመት ሲኖረው፣ 50 አምፔር ሲያልፍበት የሚያጠፋው ልክ ይህን ያህል ነው። ፍሪጁ ሲነሣ አምፔሩ በእጥፍ ቢጨምር ጉድለቱም እጥፍ ይሆናል፤ ቮልቴጁም ጩኸቱ ወደሚጀምርበት ወደ 10.5 አካባቢ ይወርዳል። በ25 ሚሊ ሜትር ካሬ ገመድ ሲተካ ግን በ50 አምፔር የሚጠፋው 0.2 ቮልት ብቻ ነው። ገመዱን ማሳጠርም እኩል ይረዳል።

ሁለቱም ልኬቶች አብረው ከወረዱ ጥርጣሬው ወደ ባትሪው ይዞራል። ሙሉ በሙሉ ተሞልቶ ጥቂት ሰዓት ካረፈ በኋላ 12.6 ወይም 12.7 ቮልት ማሳየት አለበት። ያን አሳይቶ በዚያው ጭነት ወዲያው ከ11 በታች ከወደቀ አርጅቷል። ጩኸቱ የሚመጣው ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ሆኖ የማያቆም ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ የባትሪው ኃይል አልቋል ማለት ነው። ባትሪው የሚይዘው 1200 ዋት ሰዓት ሲሆን፣ ዕድሜው እንዳያጥር ግማሹን ብቻ መጠቀም ይበጃል። 100 ዋት የሚወስዱ ዕቃዎች ያንን ግማሽ በ6 ሰዓት ገደማ ይጨርሱታል።

ቮልቴጁ ሳይወርድ የ“ጭነት በዛ” መብራት ከበራ፣ ሌላው ዕቃ ሁሉ ተነቅሎ ፍሪጁ ብቻውን ይሞከራል። ብቻውን ከተነሣ አብረውት የሚሠሩት ዕቃዎች መቀነስ አለባቸው። ብቻውንም ካጠፋው ኢንቨርተሩ ለሞተሩ መነሻ ስበት አንሷል፣ አለዚያም ኮምፕረሰሩ ተይዟል፤ ፍሪጁን በመንግሥት መብራት ላይ መሞከር ሁለቱን ይለያል።